ድርሻ ለውጭ ሰው ሲሸጥ፦ የአባላት ፈቃድና የቅድሚያ መብት

ኃላፊነቱ በተወሰነ የግል ማኅበር ውስጥ ድርሻ ያለው ሰው ንብረቱ የራሱ ቢሆንም፣ እንደ ቤቱ ወይም እንደ መኪናው ለፈለገው ሰው አውጥቶ መሸጥ አይችልም። ድርሻው የሚያስገኘው ትርፍ ብቻ አይደለም። የገዛው ሰው ስብሰባ ይገባል፤ ድምፅ ይሰጣል፤ ሒሳብ መዝገብ ገልጦ ያያል። አራት ሰዎች ተዋውቀውና ተማምነው በከፈቱት ሥራ ውስጥ አንድ ቀን ጠዋት የማያውቁት አምስተኛ ሰው፣ ምናልባትም ተፎካካሪያቸው፣ ወንበር ስቦ ሊቀመጥ ይችላል። የብዙ አገር ሕጎች በዚህ ዓይነቱ ማኅበር ላይ የሽያጭ ገደብ የሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ነው። ገደቡ ግን ሌላ ችግር ይወልዳል። መሸጥ የፈለገው ሰው ውጭ ገዢ አምጥቶ አይሆንም ከተባለ፣ ከውስጥም የሚገዛው ካጣ፣ በራሱ ንብረት ውስጥ እስረኛ ይሆናል። የድርሻ ዝውውር ሕግ የሚመዘነው ሁለቱን እንዴት እንዳስታረቀ ነው፤ በሩን እንዴት እንደዘጋና ለሚወጣው ሰው የት ጋ እንደከፈተ።

ለኢትዮጵያ አድማጭ ይህን ለማየት የፈረንሳይ ሕግ ጥሩ መነሻ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የኢትዮጵያ የንግድ ሕግ ማርቀቅ የጀመሩት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ኤስካራ ነበሩ። እሳቸው ሥራው ሳያልቅ ሲያርፉ የአገራቸው ሰው አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሱት። ፈረንሳይ ይህን የማኅበር ዓይነት ወደ ሕጓ ያስገባችው እ.ኤ.አ. በ1925 ሲሆን፣ ያ ሕግ ድርሻ ለውጭ ሰው ሊተላለፍ የሚችለው ቢያንስ የካፒታሉን ሦስት አራተኛ የሚወክሉ አብዛኞቹ አባላት ሲስማሙ ብቻ ነው ይል ነበር። የ1952ቱ የኢትዮጵያ ሕግም በአንቀጽ 523 ይህንኑ ስሌት ያዘ። በአባላት መካከል የሚደረግ ዝውውር የመመሥረቻ ጽሑፉ ካልከለከለው በስተቀር ነፃ ነው፤ ወደ ውጭ የሚወጣ ከሆነ ግን የአብዛኞቹ አባላትና የሦስት አራተኛው ካፒታል ስምምነት ያስፈልጋል። የ1952ቱ ሕግ የማኅበራት ክፍል በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ተተክቷል። ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ ድርሻ የሚሸጥ ሰው የሚያነበው ይህን አዋጅና የራሱን ማኅበር መመሥረቻ ጽሑፍ ነው። የገደቡን አሠራር ከሥሩ ለመረዳት ግን ፈረንሳይ ከ1925 ወዲህ የሄደችበትን መንገድ መከተል ይጠቅማል፤ ስሌቱን አላላችው፤ የጎደለውንም መውጫ ጨመረችበት።

በመጀመሪያ ስሌቱ። «የካፒታሉን ሦስት አራተኛ የሚወክሉ አብዛኞቹ አባላት» የሚለው አነጋገር አንድ ቁጥር ብቻ የያዘ ይመስላል እንጂ ሁለት ቆጠራ ነው። አንዴ ራስ ይቆጠራል፤ አንዴ ገንዘብ ይቆጠራል። ሁለቱም ካልሞሉ ፈቃድ የለም። ብዙ ድርሻ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለት አባላት ብቻ ያሉት ማኅበር ይታሰብ፤ አንዱ ዘጠና በመቶ፣ ሌላው አሥር በመቶ ይዘዋል። ባለ ዘጠናው ድርሻውን ለውጭ ሰው ለመሸጥ ሲነሳ ገንዘቡ ከበቂ በላይ ነው። በራስ ቆጠራ ግን ከሁለት ሰው አንዱ አብዛኛው ሊባል አይችልም። ባለ አሥር በመቶው እጁን ካላነሳ ሽያጩ ይቆማል።

በኢትዮጵያ ይህ ነገር ከወረቀት ያለፈ ትርጉም ነበረው። የ1952ቱ ሕግ ማኅበሩ ቢያንስ ሁለት አባላት እንዲኖሩት ስለሚያዝ፣ ብቻውን መሥራት የሚፈልግ ነጋዴ ባለቤቱን፣ ወንድሙን ወይም የአክስቱን ልጅ በጥቂት ድርሻ አስገብቶ ቁጥሩን ያሟላ ነበር። ያ ለቁጥር ብቻ የገባ ሰው ገንዘብ አላወጣ ይሆናል፤ ስብሰባም ላያውቅ ይችላል። ዋናው ባለቤት ለመሸጥ ሲነሳ ግን የእሱ ፊርማ የግድ ይሆናል። ትዳር ከፈረሰ ወይም ወንድማማች ከተቀያየመ በኋላ ያ ፊርማ ርካሽ አይደለም። በ2013ቱ አዋጅ አንድ ሰው ብቻውን ማኅበር ማቋቋም መቻሉ ለአዳዲሶቹ ችግሩን አቃልሏል። ቀድመው በሁለት ሰው በተቋቋሙት ላይ ግን የጥቂቷ ድርሻ ባለቤት አሁንም አባል ነው።

ስሌቱ በተግባር ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ ይታይ። ፓሪስ ውስጥ አራት ኢትዮጵያውያን አንድ ምግብ ቤት ከፍተዋል እንበል። ማኅበሩ 1,000 ድርሻ አለው። ከገንዘቡ አብዛኛውን ያወጣው ነጋዴ 400 ይዟል፤ ዋናዋ ወጥ ሠሪ 300፣ ሒሳብ ሠራተኛው 200፣ አስተናጋጇ ደግሞ 100። ሒሳብ ሠራተኛው ወደ ሌላ ከተማ ሊዛወር ስለሆነ 200 ድርሻውን መሸጥ ይፈልጋል። በአንዱ ድርሻ 300 ዩሮ፣ በጠቅላላው 60,000 ዩሮ የሚከፍል የውጭ ገዢም አግኝቷል።

ለትዳር ጓደኛው፣ ለወላጁ ወይም ለልጁ ቢያስተላልፍ ኖሮ፣ የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ሌላ ካላለ በስተቀር ፈቃድ አያስፈልገውም ነበር። ለወጥ ሠሪዋ ወይም ለነጋዴው ቢሸጥም እንደዚያው። ገዢው የውጭ ሰው ስለሆነ ግን ሥርዓቱ ይጀምራል። የመጀመሪያው እርምጃ ማስታወቅ ነው። ማስታወቂያው ለማኅበሩም፣ ለእያንዳንዱ አባልም ለየብቻ መድረስ አለበት፤ የሚላከውም መድረሱ በፊርማ በሚረጋገጥ የአደራ ደብዳቤ ወይም በፍርድ ቤት መልእክተኛ በኩል ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ለሁሉም በቃል መናገር አይቆጠርም። ለሥራ አስኪያጁ ብቻ ደብዳቤ ሰጥቶ «እሱ ይንገራቸው» ማለትም አይበቃም። ጊዜው የሚቆጠረው ከመጨረሻው ደብዳቤ ስለሆነ፣ አንድ አባል ከተረሳ ሰዓቱ ጭራሽ አልተነሳም።

የመጨረሻው ደብዳቤ ጃንዋሪ 10 ደረሰ እንበል። ሥራ አስኪያጁ በስምንት ቀን ውስጥ፣ ማለትም እስከ ጃንዋሪ 18፣ አባላቱን ለስብሰባ መጥራት ወይም ደንቡ ከፈቀደ በጽሑፍ ድምፃቸውን መጠየቅ አለበት። ምንም ሳያደርግ ቢያዳፍነው ሻጩ አይጎዳም። ከመጨረሻው ማስታወቂያ ጀምሮ ሦስት ወር ያለ መልስ ካለፈ ሕጉ ዝምታውን እንደ ፈቃድ ይቆጥረዋል። በዚህ ምሳሌ ኤፕሪል 10 ካለፈ በኋላ ሽያጩ ተፈቅዷል ማለት ነው። ጥያቄን መሳቢያ ውስጥ ከቶ ማቆየት በሥራ አስኪያጆች ዘንድ የታወቀ ዘዴ ነው። እዚህ ግን በተቆለፈው መሳቢያ ተጠቃሚው ጠያቂው ሆነ።

ስብሰባው ተጠርቶ ድምፅ ይሰጥ። ሻጩ ራሱ ድምፅ ከመስጠት አይከለከልም፤ ራሱም ድርሻውም ይቆጠራል። ሒሳብ ሠራተኛው፣ ወጥ ሠሪዋና አስተናጋጇ ደገፉ፤ ነጋዴው ተቃወመ። በራስ ሲቆጠር ከአራት ሦስት ነው። በድርሻ ሲቆጠር 200 እና 300 እና 100፣ ጠቅላላ 600 ነው። በ1925ቱ ሕግ፣ በ1952ቱ የኢትዮጵያ ሕግም ቢሆን፣ ይህ ድምፅ ይወድቅ ነበር፤ 750 ያስፈልጋልና። ከሩብ በላይ የያዘ ማንኛውም ሰው፣ በዚህ ምሳሌ ነጋዴው ወይም ወጥ ሠሪዋ፣ ብቻውን በሩን ሊዘጋ ይችል ነበር። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2004 ሦስት አራተኛውን ወደ ግማሽ አወረደችው። ስለዚህ ያው 600 ድርሻ ዛሬ ይበቃል፤ ሽያጩም ያልፋል። የራስ ቆጠራው ግን አልተነካም። የማኅበሩ ደንብ ከግማሽ የሚበልጥ ድምፅ ሊጠይቅ ይችላል፤ ከዚያ ማነስ ግን አይፈቀድለትም። ቀድሞ የተቋቋሙ ማኅበራት ደንባቸው ላይ «ሦስት አራተኛ» የሚል ተጽፎ ከቀረ፣ ከሕጉ የጠነከረ ስለሆነ የሚሠራው እሱ ነው። ገዢ ከሕጉ በፊት ደንቡን እንዲያነብ የሚመከረው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩ ይገልበጥ። ወጥ ሠሪዋ ከነጋዴው ጎን ቆማ ተቃወመች። የደገፉት ሁለት ሰው፣ 300 ድርሻ ብቻ ሆኑ። ፌብሩዋሪ 5 ቀን ፈቃድ ተነፈገ። እ.ኤ.አ. ከ1966 በፊት የፈረንሳይ ሕግ ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመው ነበር። ሒሳብ ሠራተኛው አዲሱን ገዢ ያጣል፤ የቀሩት አባላትም ድርሻውን በጥቂት ሳንቲም እስኪለምናቸው ሊጠብቁት ይችላሉ። የ1966ቱ ሕግ ይህን ለወጠው። የከለከለ ሰው ሊገዛ ይገደዳል። ይህ ማሻሻያ የመጣው የኢትዮጵያ የንግድ ሕግ ከታወጀ ከስድስት ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ ኤስካራና ዦፍሬ ከአገራቸው ሕግ ሊወስዱት የሚችሉት ነገር አልነበረም።

የግዴታው አካሄድ እንዲህ ነው። ፈቃድ ከተነፈገበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ የቀሩት አባላት ድርሻውን ራሳቸው መግዛት ወይም የተስማሙበትን ሌላ ገዢ ማቅረብ አለባቸው። በምሳሌው እስከ ሜይ 5 ማለት ነው። ሥራ አስኪያጁ ከጠየቀ ፍርድ ቤት ጊዜውን ሊያራዝመው ይችላል፤ ማራዘሚያው ግን ከስድስት ወር አይበልጥም። ሦስተኛም መንገድ አለ። ሻጩ ከተስማማ ማኅበሩ ራሱ ካፒታሉን በዚያው ልክ ቀንሶ ድርሻውን መልሶ ሊገዛ ይችላል፤ ገንዘብ ካጠረውም ፍርድ ቤት እስከ ሁለት ዓመት የመክፈያ ጊዜ ሊሰጠው ይችላል፤ ወለድ ግን ይቆጠርበታል። ከእነዚህ አንዱም ሳይፈጸም ጊዜው ካለቀ ሻጩ ወደ መጀመሪያው ገዢ ተመልሶ ያሰበውን ሽያጭ ይፈጽማል። የማኅበሩ ደንብ ይህን መውጫ የሚዘጋ ነገር ቢጽፍ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

መውጫው ለሁሉም እኩል የተከፈተ አይደለም። ድርሻውን ከያዘ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰው «ግዙኝ ወይም ልሽጥ» ማለት አይችልም፤ ከተከለከለ ተከለከለ ነው። በውርስ፣ በባልና ሚስት ንብረት ክፍፍል፣ ወይም ከትዳር ጓደኛው፣ ከወላጁ ወይም ከልጁ በስጦታ ያገኘው ከሆነ ግን ሁለቱን ዓመት አይጠብቅም። ገደቡ የታሰበው ዛሬ ገብቶ ነገ በመሸጥ ዛቻ አባላቱን ሊያስጨንቅ ለሚችለው ሰው ነው። በቅን ልቦና ገብቶ በሥራ ምክንያት መልቀቅ የግድ የሆነበትንም አብሮ መያዙ ግን አልቀረም።

ሁሉም ጠብ የሚያርፈው ዋጋ ላይ ነው። የውጭው ገዢ 300 ዩሮ በድርሻ ቢያቀርብም፣ የቀሩት አባላት ያንን ዋጋ የመክፈል ግዴታ የለባቸውም። ካልተስማሙ ዋጋውን የሚቆርጠው ገማች ባለሙያ ነው። ባለሙያውን ወገኖቹ በስምምነት ይመርጡታል፤ ካልተስማሙ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ይሾመዋል፤ በሹመቱ ላይ ይግባኝ የለም። ባለሙያው የሚሰጠው ቁጥር ምክር አይደለም፤ ግልጽና ከባድ ስህተት ካልተገኘበት በስተቀር ሁለቱንም ወገን ያስራል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ደግሞ የማኅበሩ ደንብ ወይም በወገኖቹ መካከል ያለ ውል የዋጋ ማውጫ ዘዴ ካስቀመጠ ባለሙያው በዚያ መሥራት አለበት። ስለዚህ ማኅበሩ ሲቋቋም፣ ሁሉም በደስታ በሚፈርሙበት ቀን፣ «ዋጋው ባለፈው ዓመት የሒሳብ መዝገብ ላይ በሚታየው የተጣራ ሀብት ይሰላል» ተብሎ የገባ አንድ መስመር፣ ከዓመታት በኋላ ስም ያወጣውን ምግብ ቤት በድስቶቹና በወንበሮቹ ዋጋ ሊያስሸጠው ይችላል። የደንበኛው ብዛት፣ የቦታው ምቹነት፣ ያተረፈው ዝና እዚያ መዝገብ ላይ አይታዩምና።

ባለሙያው 240 ዩሮ ብሎ ቆረጠ እንበል። 200 ድርሻ 48,000 ዩሮ ሆነ፤ ከውጭው ገዢ ዋጋ በ12,000 ያነሰ። ሕጉ ለሒሳብ ሠራተኛው በዚህ መንገድ የሚሰጠው መድኅን ሐሳቡን መቀየር ነው፤ መሸጤን ትቻለሁ ካለ አባል እንደሆነ ይቀራል። የባለሙያውን ክፍያ የሚሸፍነው ማኅበሩ ነው። ይህ አነስተኛ ነገር ይምሰል እንጂ፣ ወጪው በሻጩ ላይ ቢጣል ኖሮ ትንሽ ድርሻ ያለው ሰው ገና ሳይጀምር ተስፋ ይቆርጥ ነበር።

ፈቃድ ተገኝቶ ሽያጩ ወደ ውጭ ሰው ሲሄድ የሚቀረው የወረቀት ሥራ ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል። ማኅበሩ ሽያጩን እንዲያውቀው የውሉ ዋና ቅጂ በዋና መሥሪያ ቤቱ ተቀምጦ ሥራ አስኪያጁ መረከቡን በጽሑፍ ያረጋግጣል። የአባላቱ ዝርዝር የተስተካከለበት ደንብም ለንግድ መዝገብ ይገባል። ይህ እስኪሆን ድረስ ገዢው ለሦስተኛ ወገኖች አባል ነኝ ሊል አይችልም። ከዚያ የምዝገባ ቀረጥ ይመጣል። በዚህ ዓይነት ማኅበር ድርሻ ላይ ቀረጡ ሦስት በመቶ ነው፤ ከዋጋው ላይ ግን የ23,000 ዩሮ ቅናሽ በተሸጠው ድርሻ ልክ ይነሳል። 200 ድርሻ ከ1,000 አንድ አምስተኛ ስለሆነ ቅናሹ 4,600 ዩሮ ይሆናል። 60,000 ሲቀነስ 4,600፣ 55,400 ይቀራል። የእሱ ሦስት በመቶ 1,662 ዩሮ ነው። ውሉ ሌላ ካላለ የሚከፍለው ገዢው ነው።

እስካሁን የተባለው ስለ ፈቃድ ነው። የቅድሚያ የመግዛት መብት ከፈቃድ ጋር ሲምታታ ቢሰማም ሥራው የተለየ ነው። ፈቃድ የሚጠይቀው «ይህ ሰው ይግባ ወይስ አይግባ» ብሎ ነው። የቅድሚያ መብት ስለ ሰውየው ግድ የለውም፤ መጪው መልአክም ቢሆን፣ ነባሩ አባል በዚያው ዋጋና ሁኔታ ልግዛው ካለ ይቀድመዋል። በፈረንሳይ ፈቃዱን ሕጉ ራሱ ያዝዛል፤ የቅድሚያው መብት ግን በደንቡ ወይም በአባላቱ መካከል በሚደረግ ውል ካልተጻፈ የለም። በእንግሊዝ የግል ኩባንያዎች ዘንድ ደግሞ ዋናው መከላከያ ብዙውን ጊዜ ይህ የቅድሚያ መብት ነው። ሁለቱም ባሉበት ማኅበር መጀመሪያ የቅድሚያው ሥርዓት ይሄዳል። ነባሮቹ አንፈልግም ካሉ በኋላ ስለ ውጭው ገዢ ፈቃድ ይጠየቃል።

የቅድሚያ አንቀጽ «አባላት ቅድሚያ አላቸው» ብሎ ከቆመ ጠብ ዘርቶ ሄደ ማለት ነው። ወደ ምግብ ቤቱ እንመለስ። ለሽያጭ የቀረበው 200 ድርሻ ነው፤ ሦስቱ ቀሪ አባላት 400፣ 300 እና 100፣ ጠቅላላ 800 ይዘዋል። በያዙት ልክ ቢካፈሉ ነጋዴው 100፣ ወጥ ሠሪዋ 75፣ አስተናጋጇ 25 ይደርሳቸዋል። አስተናጋጇ ገንዘብ የለኝም ብላ ተወችው። የእሷ 25 ለሁለቱ በሁለተኛ ዙር ሲከፋፈል በአራት ለሦስት ይሰላል፤ ለነጋዴው አሥራ አራት ከምናምን፣ ለወጥ ሠሪዋ አሥር ከምናምን ይደርሳል። ድርሻ አይሰነጠቅም። አሥራ አራትና አሥር ሲደመር ሃያ አራት ነው፤ አንዲት ድርሻ ባለቤት አጣች። በሌላ ቀን ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ከሁለቱ አንዱ ድምፁን ከግማሽ ለማሳለፍ አንዲት ብቻ የጎደለው ዕለት ግን ጠበቃ ያስቀጥራል። ጥሩ አንቀጽ ሁለተኛ ዙር መኖሩን፣ የተረፈችው በዕጣ ወይም ብዙ ለያዘው እንደምትሄድ አስቀድሞ ይናገራል።

ከዚያ የሚከፋው የከፊል ግዢ ነው። ነባሮቹ ከ200ው 120ውን ብቻ እንግዛ፣ 80ው ለውጭ ሰው ይሂድ ቢሉ፣ የውጭው ገዢ አንድ አምስተኛ ይዤ እገባለሁ ብሎ የመጣ ነውና 80 ብቻ ሲደርሰው ትቶ ሊሄድ ይችላል። ሻጩ ድርሻው ተከፍሎ፣ ቀሪው ገዢ አጥቶ ይቀራል። ስለዚህ በልምድ የተጻፉ አንቀጾች የቅድሚያው መብት የሚሠራው ሙሉው ድርሻ ሲገዛ ብቻ ነው፣ አንዲት እንኳ ከተረፈች መብቱ በሙሉ ይወድቃል ይላሉ። ይህ ነባሮቹን የሚጎዳ ይመስላል። ገንዘባቸውን ቀድመው እንዲያሰባስቡ የሚያስገድዳቸውም ይኸው ነው።

ዋጋውም ማታለያ አለው። ሻጩና የውጭው ገዢ ተመካክረው በውሉ ላይ በ300 ፈንታ 450 ቢጽፉ ነባሮቹ ደንግጠው ይተዋሉ፤ በጎን ግን የሚከፈለው ያው 300 ነው። የዚህ መከላከያ ሻጩ ፍላጎቱን ብቻ ሳይሆን የውሉን ሙሉ ቅጂና የገዢውን ማንነት አብሮ እንዲያቀርብ ማስገደድ፣ ለነባሮቹም ዋጋው ካልታመነ በገማች ባለሙያ ዋጋ የመግዛት አማራጭ መስጠት ነው። ድርሻው በስጦታ ወይም በመሬት ልዋጭ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ «በዚያው ዋጋ» የሚለው ቃል የሚይዘው ነገር የለም፤ ልዋጩን ወደ ገንዘብ የሚመልስ ዘዴ አንቀጹ ላይ ከሌለ መብቱ ባዶ ነው።

ቅድሚያው ተጥሶ ድርሻው ለውጭ ሰው ከተሸጠ መፍትሔው በገዢው ዕውቀት ላይ የተመሠረተ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተሻሻለው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚለው፣ ገዢው የቅድሚያ ውሉ መኖሩንና ባለመብቱ ሊጠቀምበት ማሰቡን እያወቀ ከገዛ፣ ባለመብቱ ሽያጩ እንዲፈርስ ወይም ራሱ በገዢው ቦታ እንዲተካ ሊጠይቅ ይችላል። ገዢው የማያውቅ ከነበረ የሚቀረው ከሻጩ ካሳ መጠየቅ ብቻ ነው። ጥንቁቅ ገዢ ቀድሞ ለባለመብቱ ይጽፋል፤ የቅድሚያ ውል መኖር አለመኖሩንና ሊጠቀምበት ማሰብ አለማሰቡን ተመጣጣኝ ጊዜ ሰጥቶ ይጠይቃል። መልስ ካላገኘ ከክስ ይድናል።

የቅድሚያን አንቀጽ ለመዝለል ከተሞከሩት ዘዴዎች በብልሃቱ የሚጠቀሰው በስኮትላንድ የሹራብ አምራች የሆነው የላይል ኤንድ ስኮት ጉዳይ ነው። የኩባንያው ደንብ ድርሻውን ማስተላለፍ የሚፈልግ ባለድርሻ ለኩባንያው ጸሐፊ እንዲያስታውቅ፣ ሌሎቹም ቅድሚያ እንዲያገኙ ያዝዝ ነበር። ትልልቅ ሱቆች የነበሩት ሂዩ ፍሬዘር ኩባንያውን ለመያዝ ሲነሱ ከብዙ ባለድርሻዎች ጋር ተዋውለው ዋጋውን ከፈሉ፤ በስብሰባም በስማቸው ድምፅ የሚሰጡበትን ውክልና ተቀበሉ። የማስተላለፊያ ሰነዱ ግን ሳይፈረም ቀረ። ባለድርሻዎቹ «ገና አላስተላለፍንም፤ መዝገቡ ላይ ስማችን አለ» ብለው ተከራከሩ። ያኔ የብሪታንያ የመጨረሻው የይግባኝ ችሎት የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 አልተቀበላቸውም። ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ውሉን አክብሮ፣ ማስተላለፍ አልፈልግም ማለት አይቻልም፤ ፈላጊ ከሆኑ ደግሞ የደንቡ ሥርዓት ይመለከታቸዋል አለ።

ፍርዱ ያልሸፈነው ቀዳዳ ግን ዛሬም አለ። አባሉ ሰው ሳይሆን ሌላ ኩባንያ ሲሆን፣ የውጭው ሰው የምግብ ቤቱን ድርሻ መንካት አያስፈልገውም፤ ድርሻውን የያዘውን ኩባንያ ራሱን ይገዛዋል። በምግብ ቤቱ መዝገብ ላይ ያለው ስም አልተለወጠም፤ ከስሙ ጀርባ ያለው ሰው ተለውጧል። ፈቃዱም ቅድሚያውም የተጻፉት ለድርሻ ዝውውር ስለሆነ፣ በቃላቸው ይህን አይደርሱበትም። ይህን የሚያውቁ ማኅበራት ደንባቸው ላይ አንድ አንቀጽ ይጨምራሉ። አባል የሆነ ኩባንያ ባለቤቱ ሲለወጥ በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲያስታውቅ፣ ለውጡም እንደ ድርሻ ሽያጭ ተቆጥሮ ለነባሮቹ የመግዛት መብት እንዲሰጥ፣ ሳያስታውቅ የቀረ እንደሆነ የድርሻው ድምፅ እንዲታገድ ይላል።